ማጠቃለያው ላይ ሁሉም አንቱ ናቸው

«ጓዶች!» አሉ ጓድ ኃይለየሱስ፣ ከወንበራቸው ተነሥተው የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ። በክፍሉ የነበሩት ሦስት ሰዎች እጃቸውን ከሥራ ሰበሰቡ። «ከዛሬ፣ ሰኞ ጥር አምስት ቀን 1978 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስልክ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሯል። ምክንያቱ፣ በጥልቀት ካየነው፣ የሥራ ቅልጥፍና ነው። ጥያቄ ያለው?»

ጥያቄ ያለው አልነበረም። ድሬሰር ራህመቶ ይጨበጨብ እንደሆነ ለማወቅ የሌሎቹን እጅ አየ። ተላላኪው ጋሽ ጎበና፣ ስልኩን ጠዋት በገዛ እጃቸው ያዛወሩት እሳቸው ቢሆኑም፣ ገና አሁን እንደሰማ ሰው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሐፊዋ ዘመናይ ብቻ፣ ከጽሕፈት መኪናዋ ጀርባ ሆና፣ ዓይኗን ወደ አለቃዋ ቀኝ ጆሮ ልካ ቶሎ መለሰችው።

ቢሮው ናዝሬት ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የጋሪ ፈረሶች ተራ በሚጠብቁበት መንገድ ዳር ነው። ነፋስ በተነሣ ቁጥር አቧራውም የፈረሶቹም ሽታ አብረው ይገባሉ። ስሙ የጤና ምክር ስልክ ክፍል ይባላል፤ ሥራው ከስሙ ያነሰ ነው። የመቂ፣ የአዳሚ ቱሉ ወይም የቡልቡላ ሰው ወደ ከተማው ቴሌ ቤት ይሄድና ናዝሬት ያስደውላል። ራህመቶ ያነሣል። ንግግሩ በቴፕ እንደሚቀዳ አስቀድሞ ይናገራል፣ ደዋዩም «ይቀዳ» ይላል፤ እምቢ ያለ እስከ ዛሬ የለም፣ በዚያ ዘመን «እምቢ» የሚል ሰው ከስልክ አይጀምርም። ከዚያ ደዋዩ የታመመውን ይናገራል፣ ራህመቶም የሚያውቀውን ይመክራል።

ዘመናይ ካሴቱን እያጫወተች፣ እያስቆመች፣ ወደ ኋላ እየመለሰች ቃል በቃል ትጽፈዋለች። ይህ ሙሉ ቃል ይባላል፤ የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይቆለፍበታል። ከሙሉ ቃሉ ደግሞ በየወሩ ማጠቃለያ ይወጣል። ማጠቃለያው በየከተማው ተወካዮች ፊት ይነበባል፣ ይባዛል፣ ይበተናል። ስለዚህም የሰው ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ የማን በሽታ ምን እንደሆነ የሚያሳብቅ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ይወጣለት የሚል መመሪያ አለ። መመሪያው አንድ ገጽ ነው። እስከ መጨረሻው ያነበበችው ዘመናይ ብቻ ናት፤ እሷም ያነበበችው በመኪና የጻፈችው እሷ ስለነበረች ነው።

ማጠቃለያው የሚነበበው ሐሙስ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዘመናይ ወንበሯ ላይ መርጋት አቅቷት ነበር። ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፣ መስኮት ትዘጋለች፣ ሙቀቱ ሲያፍናት መልሳ ትከፍታለች። ካሴቱ ላይ አንድ ድምፅ ነበር፤ አራት ጊዜ ሰምታዋለች፤ ለአምስተኛ ጊዜ ወደ ኋላ መለሰችው።

«ፀሐይቱ እባላለሁ» ይላል ድምፁ። «ከመቂ ነኝ። ሽንኩርት የሚጫንበት ሜዳ ዳር ሻይ ቤት አለኝ። የሳንባውን መርፌ ከጀመርኩ ሠላሳ ሁለት ቀኔ ነው። ሳሉ ተወኝ፣ ተመስገን። ጆሮዬ ግን ቀኑን ሙሉ ጢን ይላል። ብድግ ስል ምድር ይዞርብኛል። መድኃኒቱ ነው ወይስ ሌላ ጣጣ መጣብኝ?»

«መርፌው እንዲያ ያደርጋል» ይላል ራህመቶ። «በራስሽ እንዳታቆሚው። ነገ ዛሬ ሳትዪ ጤና ጣቢያ ሂጂና ይህንኑ ንገሪያቸው፤ እነሱ አይተው ይወስናሉ። መልሰን የምንደውልበት ቁጥር አለሽ?»

«መቂ ሃያ ሦስት። የኔ አይደለም፣ የጎረቤቴ የገርባ ወፍጮ ቤት ነው፤ ይጠሩኛል። ግን ለምን እንደሆነ እንዳትነግሯቸው። ደላላው ሁሉ እኔ ጋ ነው ሻይ የሚጠጣው። ይህን የሰሙ ቀን አንድ ብርጭቆ የሚነካልኝ የለም። ሦስት ልጆች በዚያች በራድ ሙሉ ሻይ ነው የማሳድገው። አደራ ወንድሜ።»

«አደራሽን ተቀብያለሁ» ይላል ራህመቶ፣ ስልኩም ይዘጋል።

ራህመቶ አደራውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። አደራው ግን ካሴቱ ውስጥ ቀረ፣ ከካሴቱም ወደ ዘመናይ ጣቶች ወረደ። ዘመናይ ወንጂ፣ በስኳር ፋብሪካው የሠራተኞች ሰፈር ያደገች ልጅ ናት። እዚያ አንዲት ሴት ሳንባዋን ታመመች ተብሎ በወሬ ብቻ፣ ገና ሐኪም ሳያያት፣ የቆሎ መሸጫ ጣሳዋን ጎረቤት በእግሩ ሲያንከባልለው አይታለች። ሴትዮዋ ኋላ አስም ሆኖ ተገኘባት። ጣሳው ግን አልተመለሰም።

ያው የጆሮ ነገር በሌሎች ሁለት ጥሪዎች ላይም ነበር። አንደኛው ከቡልቡላ ነው። ደዋዩ መርዳሳ የሚባል ገበሬ እንደሆነ ተናገረና እንዲህ አለ፦ «ሳሉ በጥልቀት ሲታይ ቀንሷል። በቀኝ ጆሮዬ በኩል ግን አሉታዊ የሆነ ድምፅ አለ።» ዘመናይ እዚህ ላይ ቴፑን አስቁማ ነበር። ሳሉን በጥልቀት የሚያይ ገበሬ ቡልቡላ ውስጥ ምን ያህል ይኖራል? ደግሞም ያን ሳምንት ጓድ ኃይለየሱስ ለመስክ ሥራ ቡልቡላ ነበሩ። ቴፑን መልሳ አስነሣችና «በጥልቀት ሲታይ» የሚለውን ከሙሉ ቃሉ ላይ ሳትነካ ተወችው፤ ሙሉ ቃል ሙሉ ነው። በማጠቃለያው ግን የሰው የንግግር ልማድም እንደ ስልክ ቁጥር እንደሚቆጠር፣ ማንም ሳይነግራት፣ ለራሷ ደነገገች።

ሦስተኛው ጥሪ ከአዳሚ ቱሉ ነበር። መስመሩ እንደ ወንፊት አሸዋ ይንሿሿል፤ ደዋዩ ሰልፍ ላይ እንዳለ ሰው ይጮኻል። «ስም አያስፈልግም! ጆሮ የሚያስጮኽ መርፌ አለ ወይ የለም?» ራህመቶ አለ ብሎ ገና ሲያስረዳ ስልኩ ተጠረቀመ።

ማክሰኞ ጠዋት ጓድ ኃይለየሱስ መመሪያ ሰጡ፤ ስልኩን በግራ ጆሯቸው ላይ እንደያዙ፣ ማንም ሳይደውል።

«ማጠቃለያው ሥጋ ይኑረው፣ ዘመናይ። ቁጥር ብቻ ሕዝብ አያስተምርም። ስም የሚለው ጣጣ በመጀመሪያ ፊደል ይተካ። ስልክ ቁጥር በቀለም ይጥቆር። ሌላው ይቅር። ተግባብተናል?»

«ሌላው ሲሉ፣ ጓድ፣ ሥራቸውም ከተማቸውም?»

«ከተማ የማን ስም ነው? በይ፣ በሁለት ቅጂ ጻፊና አንዱን ጎበና ለጓድ ንዋይ ያድርሱ። እሳቸው ሐሙስ ሳይደርስ ማየት ይፈልጋሉ።»

ጓድ ንዋይ የቀጠናው የፖለቲካ ኃላፊ ናቸው፤ ከመቂ እስከ ቡልቡላ እየዞሩ ይቆጣጠራሉ። ድምፃቸው ከሁለት ቢሮ ማዶ ይሰማል፤ ሰዎች ይህን በአብዮታዊ ስሜታቸው ይተረጉሙላቸዋል። ዘመናይ ካርቦን አስገብታ ጻፈች፦ «ፀ.፣ መቂ፣ ሻይ ቤት ያላቸው፣ የሳንባ መርፌ በመውሰድ ላይ ያሉ፣ ስልክ» ብላ ሃያ ሦስትን ጻፈችና በጥቁር ቀለም ደፈነችው። ወረቀቱ ሲደርቅ ጋሽ ጎበና መጥተው አነሡት። ሄዱ እንጂ አልወጡም። በሩ ላይ ቆመው አነበቡ።

«ያ ዘመናይ» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ እየጠሯት። «ይኼ ‘ፀ’ የቷ ናት?»

«የቷም አይደለችም፣ ጋሼ። ፊደል ናት።»

«መቂ ሽንኩርት ሜዳ ዳር ሻይ ቤት ያላቸው አራት ናቸው። አየለች፣ ሸዋወርቅ፣ ሮማነወርቅና ፀሐይቱ። እንግዲህ ይኼ ‘ፀ’ አየለች ትሆን?»

ዘመናይ ወረቀቱን ለመቀበል እጇን ዘረጋች።

«ማል ጎና፣ ምን ይሻላል! ያውም ጸሎቱን ‘ጸ’ ብትጽፊው እንኳ እጠራጠር ነበር። ፀሐዩን ‘ፀ’ ነው የጻፍሽው። ሰሌዳዋ ላይ ያለው ይኸው ነው፤ ቀቢው አጋድሞ የቀባው። እኔ እንኳ የማውቀው አማቼ መቂ ስለሆነ ነው። መቂ ያለው ሰውማ ምን ሊል ነው?» ብለው ወረቀቱን ገለበጡትና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። «ደግሞ ነይ እይ። ከፊት ቀለም አልብሰሻታል፤ ከኋላ ራቁቷን ናት።»

ዘመናይ ተነሥታ አየች። መኪናው የመታው የቁጥሩ ጉብታ ከወረቀቱ ጀርባ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። በጣት እንኳ ይነበባል። 32 ይመስላል፣ ተገልብጦ ነው፤ የሚያነበው ሰው ግን ወረቀት መገልበጥ የሚችል ከሆነ ቁጥር መገልበጥም አያቅተውም።

ወረቀቱን ተቀብላ ቀደደችው። ሁለተኛውን ቅጂም ቀደደችው። ቁርጥራጩን ሰብስባ ግቢው ውስጥ ቆሻሻ ወደሚቃጠልበት በርሜል ልትወስድ ስትነሣ ጋሽ ጎበና አሁንም አልሄዱም።

«ካርቦኑስ?»

ካርቦኑ አዲስ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ የተመታበት ካርቦን ከመጽሐፍ በላይ ይነበባል። «ፀ.» አለ፣ «መቂ» አለ፣ ሃያ ሦስትም ያለ ምንም ጥቁር ቀለም ተቀምጧል። ዘመናይ ፊቷ ጋለ። ካርቦኑንም ይዛ ወጣች። በርሜሉ አጠገብ ቆማ እስኪነድ ጠበቀች፤ ነፋሱ አንዷን ቁራጭ አነሣባት፣ ሮጣ ያዘቻት፣ ስትይዛት «ሻይ» የምትል ብቻ ነበረች።

ተመልሳ እንደገና ጀመረች። ስም ወጣ። ፊደልም ወጣ። ስልክ ቁጥሩ በቀለም ሳይሆን ባለመጻፍ ወጣ፤ ያልተጻፈ ነገር ጀርባ የለውም። ማን እንደሆነ ለማወቅና መልሶ ለመደወል የሚያስፈልገው ሁሉ በተራ ቁጥር ሌላ ደብተር ላይ ተመዘገበ፣ ደብተሩም ከሙሉ ቃሉ ጋር ተቆለፈበት። ሻይ ቤቱ ወጣ። ከተማዎቹም ወጡ። «ሦስት ተገልጋዮች» ብላ ጻፈችና አየችው። ሦስት ከተማ፣ ሦስት ሰው። የመቂው ተወካይ «አንዱ የኛ ነው» ይላል፤ ልክም ይሆናል። «አንዳንድ ተገልጋዮች» አለችው።

አንድ ነገር ግን አልለቅ አላት። ገና አፍ ሲከፈት ግሡ ራሱ ያሳብቃል። «ጆሮዋ» ካለች ሴት ናት፤ «ደወለ» ካለች ወንድ ነው። መቂ ላይ የታመመች ሴት ብትፈለግ ስንት ደቂቃ ትቆያለች? ዘመናይ መኪናዋን እያየች ተቀመጠች።

«መጡ ደግሞ!» አሉ ጋሽ ጎበና ከወደ በሩ። «ይውጡ እንጂ እማማ! ትናንት የራህመቶን ዳቦ ጨርሰዋል፤ ዛሬ ምን ቀርቶዎት ነው?»

ዘመናይ ማን መጣ ብላ ዞረች። የቢሮው ድመት ናት። ጋሽ ጎበና ሕጻኑንም፣ ጋሪ ነጂውንም፣ ድመቷንም አንቱ ነው የሚሉት፤ ሰውን አይቶ መምረጥ ከሚያሳስት ሁሉንም ማክበር ይሻላል ባይ ናቸው።

«መጡ» አለች ዘመናይ ለራሷ። ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም። «ጆሮአቸው» አለች። «ያዞራቸዋል» አለች። ከዚያ ጣቶቿ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አላረፉም። ማጠቃለያው ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ከሦስቱ ከተማ የደወለውም የተደወለለትም፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ አንቱ ሆነ።

ረቡዕ ጓድ ኃይለየሱስ ረቂቁን እያነበቡ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ አውልቀው ጠረጉ።

«ዘመናይ።»

«አቤት ጓድ።»

«‘አንድ ተገልጋይ ከሦስት ቀን ወዲህ ተቅማጥ ይዟቸው ጡት አልጠባም ብለዋል’ ይላል። እኚህ ጡት አልጠባም ያሉት ሰው ማን ናቸው?»

«ሕጻን ናቸው፣ ጓድ።»

«የስንት ዓመት?»

«ዕድሜ እንዲወጣ መመሪያው ያዛል።»

ራህመቶ ሳቁን በመሐረብ ያዘው። ጓድ ኃይለየሱስ ግን አልሳቁም። ወደ ታች ወረዱና የጆሮው ነገር ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከውጭ አንድ ጋሪ አለፈ፣ ተመልሶም መጣ።

«ከነዚህ ከአንዳንዶቹ መካከል» አሉ ድምፃቸውን አስተካክለው፣ «ወንድ አለ?»

«አይታወቅም፣ ጓድ። አንቱ ናቸው።»

«ገበሬስ?»

«እሱም አይታወቅም።»

ጓድ ኃይለየሱስ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። «በጥልቀት ካየነው» አሉ፣ «ተገልጋይን ማክበር የሥርዓታችን መገለጫ ነው። ይተየብ።» ፈረሙበት። ሲፈርሙ ቀለሙ ነጠበ፤ አላዩትም።

ከሰዓት በኋላ ጓድ ንዋይ ራሳቸው መጡ። ሰላምታቸውን ፈረሶቹ ሳይቀሩ ሰሙት። ወንበር ሲቀርብላቸው ገፍተው ግድግዳው ጥግ አስጠጉትና ተቀመጡ።

«ማክሰኞ ይደርሰኛል የተባለው ወረቀት የት ደረሰ?»

«ተስተካክሎ እየተጻፈ ነው፣ ጓድ» አሉ ጓድ ኃይለየሱስ።

«አልሰማሁም!»

«እየተጻፈ ነው!»

«ማጠቃለያው ይቆይ! እኔ የምፈልገው የደዋዮቹን ዝርዝር ነው። ማን ነው የደወለው? ከየት? በየትኛው ቁጥር? ስማቸውን ያልሰጡ ካሉ ደግሞ እነሱን በተለይ! ስሙን የሚደብቅ ሰው ሌላም ይደብቃል!»

ሙሉ ቃሉ ያለበት የብረት ቁም ሣጥን ከጓድ ንዋይ ጉልበት ሁለት ክንድ አይርቅም።

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ ጓድ» አለች ዘመናይ። «ቁልፉ ጓድ ኃይለየሱስ ዘንድ ነው።»

«ቁልፉ» አሉ ጓድ ኃይለየሱስ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ላይ ጭነው፣ «በጋሽ ጎበና ኃላፊነት ሥር ነው።»

«ቶሌ፣ እሺ» አሉ ጋሽ ጎበና። «እኔ ማታ ማታ ለዘመናይ ነው የማስረክበው።»

«አሁን ማታ ነው እንዴ?» አሉ ጓድ ንዋይ።

«አይደለም፣ ጌታዬ። ስለዚህ ገና አላስረከብኩም።»

ጓድ ንዋይ ከዚህ ንግግር ውስጥ ቁልፉ የት እንዳለ ለማግኘት ትንሽ ታገሉ። ከዚያ ነገ በስብሰባው ፊት ዝርዝሩን እንደሚጠይቁ አስታውቀው ተነሡ። ሲነሡ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ለጥቂት ጊዜ ቆሙ፤ ግድግዳው ደህና መሠራቱን የሚፈትሹ ይመስል ነበር። ጋሽ ጎበና ወደ ዘመናይ አዩ። ዘመናይ ወደ መኪናዋ አየች።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ሃያ ያህል ሰው ተሰበሰበ። ከፊት ረጅም ጠረጴዛ ነበር፤ መሐል ላይ ጓድ ኃይለየሱስ፣ በቀኛቸው ጓድ ንዋይ። ዘመናይ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ዳር ተቀምጣለች። እርሳሷን ሦስት ጊዜ ቀርጻለች፤ አራተኛ ልትቀርጽ ስትል የመቂው ተወካይ ገባ። ደንዳና፣ ሳቂታ፣ ቅንድቡ ላይ የዱቄት ብናኝ ያልለቀቀው ሰው ነው።

«ስም?» አለችው።

«ገርባ። ወፍጮ ቤት አለኝ። ከፈለግሽ ስልኬ መቂ ሃያ ሦስት ነው፣ እህቴ፤ እስከ ዛሬ ግን በገዛ ቁጥሬ ለኔ የደወለ ሰው የለም። ሁሉም ‘እገሌን ጥራልን’ ነው!» ብሎ ሳቀና ፊት ለፊት ተቀመጠ።

የዘመናይ እርሳስ ወረቀቱን በሳ።

ጓድ ኃይለየሱስ ማንበብ ጀመሩ። ስለ ውሃ ማፍላት አነበቡ። ጡት አልጠባም ስላሉት ተገልጋይ አነበቡ፤ አንድ ሽማግሌ «እኚህስ ባይጠቡ ይሻላቸዋል» ብለው አዳራሹን አሳቁት። ከዚያ እዚያ ጋ ደረሱ።

«አንዳንድ ተገልጋዮች የሳንባ መርፌ ከጀመሩ በኋላ ጆሮአቸው እንደሚጮኽና ሲነሡ እንደሚያዞራቸው ተናግረዋል። መርፌውን በራሳቸው እንዳያቆሙና ፈጥነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ተመክረዋል። ጤና ጣቢያዎች መርፌ የሚወስዱትን ሁሉ ስለ ጆሯቸው ይጠይቁ።»

«አንድ ጊዜ!» አለ ገርባ እጁን አንሥቶ። «ይህ ነገር እኛ ጋም አለ ማለት ነው? የሳንባ ሰው መቂ ውስጥ ካለ እንወቅ እንጂ! ሻይ የምንጠጣው፣ እንጀራ የምንበላው ከሰው እጅ ነው።»

«ትክክል!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ደግሞ» አለ ገርባ፣ ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ እየወረደ፣ «ባለፈው ሳምንት ከዚህ ከናዝሬት በኔ ስልክ ተደውሎ አንዲት ጎረቤቴን ጥራልኝ ብለውኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ አልተናገሩም። እኔም አልጠረጠርኩም። ግን አሁን ሳስበው...»

የደወለው ራህመቶ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገረም፣ አደራውን ጠብቋል። መደወሉ ራሱ ግን ቃል ሆኖ ኖሯል። ዘመናይ ሁሉን ፍቃ ነበር። ስሙን፣ ፊደሉን፣ ጉብታውን፣ ካርቦኑን፣ ሴትነቱን ሁሉ። የገርባን ጭንቅላት ግን መፋቅ አትችልም። የአንድ ስም ያህል ነው የቀረው፤ ገርባ አፉን ከከፈተ ዛሬ ማታ መቂ ላይ ብርጭቆ ይሰበራል።

«ስሙን!» አሉ ጓድ ንዋይ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። «እኔም ከትናንት ጀምሮ የምጠይቀው ይህንኑ ነው! እነዚህ አንዳንድ የሚባሉት እነማን ናቸው? ስንት ናቸው? ከየት ነው የደወሉት? ጓድ ኃይለየሱስ ይመልሱ!»

ሃያውም ሰው ወደ ጓድ ኃይለየሱስ ዞረ። ቁልፉ፣ እንደ እውነቱ፣ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ዘመናይ ታውቃለች። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ወረደ፣ ቁልፉን በጨርቁ ላይ ዳበሰ፣ ተመልሶም ወረቀቱ ላይ ወጣ። አንዲት ሻይ ሻጭ አሳልፎ መስጠት ቀላል ነው፤ ሁሉም ነገር እዚያው ያልቃል፣ ስብሰባውም በጊዜ ይበተናል።

«ደግሜ ላንብበው» አሉ። «ምናልባት አልተሰማ ይሆናል።»

መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«የሳንባ መርፌ ከጀመርኩ በኋላ» አነበቡ፣ «ጆሮዬ ይጮኻል። ስነሣ ያዞረኛል።»

ዘመናይ ቀና አለች። አንቱነቱ በሙሉ፣ የሁለት ቀን ሥራዋ፣ ከወረቀቱ ላይ ወድቆ ነበር። ተሳስተው እንደሆነ ለማየት ፊታቸውን አየች። ፊታቸው የሰኞው ፊት ነው፤ ስልኩ ከቀኝ ወደ ግራ መዛወሩን ያወጁበት። ማንበባቸውን ቀጠሉ፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስከተሉ።

«መርፌውን በራሴ እንዳላቆም ተመክሬአለሁ። አላቆምኩም። አርባ ስድስተኛዬ ነው። የደወልኩት ከቡልቡላ ነው፤ በመርዳሳ ስም።» ወረቀቱን አስቀመጡ። «ጥያቄ ያለው?»

ጥያቄ ያለው አልነበረም። ገርባ እጁ አሁንም በከፊል ተነሥቶ ነበር፤ አይቶት እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «እኔ እንኳ...» አለ፣ «ጎረቤቴን የጠሯት ለሌላ ጉዳይ ነው የሚሆነው። ሰው መቼም ያለ በሽታም ይፈለጋል።» ከኋላ «ትክክል» ያለው ሰውም ትክክል አላለም።

ጓድ ንዋይ መዳፋቸው ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዘመናይ እሳቸውን ካወቀች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጓድ ኃይለየሱስ ዘንበል አሉና አንድ ነገር አሉ። ከዳር የተቀመጠችው ዘመናይ እንኳ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየችው።

ጓድ ኃይለየሱስ ግን በቀኛቸው ነበር የተነገራቸው። ግራ ጆሯቸውን ለማዞር መላ ሰውነታቸውን አዞሩ።

«ምን አሉኝ? በዚያኛው አልሰማም።»

ጓድ ንዋይ አዳራሹን አዩ። ከዚያ፣ ሌላ ድምፅ ስላልነበራቸው፣ በለመዱት ድምፅ ደገሙት፤ ከውጭ ያሉት ፈረሶች ጆሯቸውን ቀጥ አደረጉ።

«የኔ በሁለቱም ነው!»